ከመርፌ መወጋት በኋላ የተጀመረው የ28 ቀን መድኃኒት ሊያልቅ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ላለባት ምን ይደረግ?

ሰላም ባለሙያዎች። በአነስተኛ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። የጽዳት ሠራተኛችን ተራ የቆሻሻ ፌስታል በእጇ ስትጠቀጥቅ መርፌ ወጋት። ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መቀየር ሲገባው እስከ አፉ ስለሞላ፣ አንዱ ሲሪንጅ ከነመርፌው ፌስታል ውስጥ ተጥሎ ነበር። ጣቷን ሳትጨምቅ ወዲያው በውሃና በሳሙና ታጠበች። የማን ደም እንደሆነ ስላልታወቀ በዚያው ቀን ኤችአይቪ እንዳይዛት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን ጀመረች፤ 72 ሰዓት ካለፈ እንደማይጀመር ታውቃላችሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ከኤችአይቪ ነፃ መሆኗን አሳየ፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን ፖዘቲቭ ወጣ። በተወጋችበት ቀን ሊታይ ስለማይችል ከዚህ መርፌ የመጣ አይደለም፣ ቀድሞም ነበረባት። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ይህንንም ቫይረስ ስለሚያፍኑ በ28ኛው ቀን በድንገት ቢቆሙ ጉበቷ ሊቆጣ ይችላል። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀረው።

ቴኖፎቪሩን ብቻ ማስቀጠል ይሻላል ወይስ አቁመን የጉበት ኢንዛይም እንከታተል? ከሆነስ በየስንት ጊዜው፣ እስከ መቼ? ከማቆማችን በፊት የቫይረስ መጠን ምርመራ የግድ ነው? እኛ ጋ ያለው ፈጣኑ ኪት ብቻ ነው፤ ሪፈር ስጽፍ የትኞቹን ምርመራዎች ልጠይቅላት?