«መረጃ ሰጪዎች» ብሎ ስም መደርደር ይበቃል? ከጎጃም የመስክ ሥራ የተነሳ ጥያቄ

ጠያቂ፣ የሁለተኛ ዲግሪ የታሪክ ተማሪ

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የእርሻ ገቢ ግብርን ተከትሎ ስለተነሳው የገበሬዎች አመጽ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። 14 አረጋውያንን አነጋግሬ ድምፃቸውን ቀድቻለሁ። በግርጌ ማስታወሻ «መረጃ ሰጪዎች» ብዬ አምስት ስም ስደረድር አማካሪዬ «ይህን ያለው ማን ነው?» ብለው መለሱልኝ። አንዲት እናት ደግሞ ከእናታቸው የሰሙትን የአመጹን ግጥም ነግረውኛል፤ አንድ አባት ስማቸው እንዳይጠራ ለምነውኛል። እንዴት ልጥቀሳቸው?

አንድ የታሪክ መምህር

ስም መደርደር በታሪክ ትምህርት ክፍሎች የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ ጽፌአለሁ። ጉዳቱ አምስቱም ሰዎች አንድ ነገር በአንድ አፍ የተናገሩ ማስመሰሉ ነው። ምናልባት አንዱ ያየውን፣ ሌላው ከአባቱ የሰማውን፣ ሌላው ደግሞ እርስዎ የጠየቁትን ራሱን መልሶ ተናግሮ ይሆናል።

ከጽሑፍዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይምረጡና ወደ ቅጂው ይመለሱ። «ገበሬው የተነሳው ርስቱን እንዳይነጠቅ ሰግቶ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። ቅጂውን ሲያዳምጡ አንደኛው አባት ማንም ሳይጠይቃቸው «ቃላድ ሊጣልብን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው አልን» ብለው ያገኟቸዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን «የተነሳችሁት ርስታችን ሊወሰድ ነው ብላችሁ ነው?» ብለው ለጠየቋቸው «አዎ፣ እንደሱ ነው» ብቻ ብለዋል። አራተኛው ቃለ መጠይቁ በተደረገበት በ2016 ዓ.ም. 61 ዓመታቸው ከነበረ በአመጹ ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው፤ የሚነግሩዎት ከወላጆቻቸው የሰሙትን ነው። አምስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ከሆኑ ካነበቡት ጋር ቀላቅለው ሊናገሩ ይችላሉና «ይህን ከማን ሰሙት?» ብሎ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሐሳቡን በራሳቸው አንደበት ያመጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። «አዎ» ያሉት ሁለቱ ሐሳቡን አልካዱም፣ ነገር ግን ያመነጩት አይደሉም። ጥያቄዎን ያዘጋጁት ስለ ትግራይ፣ ባሌና ጎጃም አመጾች የጻፉትን ገብሩ ታረቀን አንብበው ከሆነ ደግሞ መጠቀስ ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ አለዚያ የምሁሩን ትንታኔ በገበሬው አፍ አድርገው ማስረጃ አስመሰሉት ማለት ነው። ይህ ስህተት የሚታወቀው በጽሑፉ ሳይሆን በቅጂው ብቻ ስለሆነ፣ ቃለ መጠይቁን ወደ ጽሑፍ ሲገለብጡ የራስዎን ጥያቄዎች አይዝለሏቸው።

የግርጌ ማስታወሻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «መረጃ ሰጪ 3፣ በአመጹ የተሳተፉ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅጂ 3፣ 24ኛው ደቂቃ፤ መረጃ ሰጪ 9 ከአባታቸው እንደሰሙት ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል፤ መረጃ ሰጪ 5 እና 7 ሲጠየቁ ተስማምተዋል።» ረዘም ይላል፣ ግን አማካሪዎ ለጠየቁት መልስ ይሰጣል።

ሌላ አባል፣ የሥራ አመራር ተመራቂ

ይህን ያህል ማስረዘም አያስፈልግም። የኤ.ፒ.ኤ. አጻጻፍ ቃለ መጠይቅን እንደ ግል ግንኙነት ቆጥሮ በጽሑፉ መካከል ስምና ቀን ብቻ እንዲጻፍ፣ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ያዝዛል። የእኔ ጽሑፍ በዚሁ አልፏል።

የታሪክ መምህሩ

በዋቢ ዝርዝር አለመግባቱ ልክ ነው። ሆኖም የኤ.ፒ.ኤ. ሰባተኛ እትም የግል ግንኙነት የሚለውን አጻጻፍ ለራስ ጥናት ለተነጋገሩ ተሳታፊዎች አትጠቀሙ ይላል፤ የተሳታፊ ቃል የጥናቱ መረጃ እንጂ የሌላ ምንጭ አይደለምና በጽሑፉ ውስጥ ተሳታፊነቱ ተገልጾ ይጠቀሳል። ጠያቂያችን ደግሞ የግርጌ ማስታወሻ የሚጠቀሙ የታሪክ ተማሪ ናቸው፤ በዚያ መስክ የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ በጽሑፉ መጨረሻ ይቀመጣል። ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን ከተሞሉ በኋላ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ የዓይን ምስክር ወይም ሰሚ መሆናቸውን ይጻፉበት። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው ይህ ዓምድ ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

አንዲት አባል፣ ስለ ባህል መድኃኒት የሚያጠኑ

የእኔም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አንድ አዋቂ የሥር መድኃኒት አሳዩኝና ስማቸውን ጠቅሼ ለማሳተም ሳስብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ ብለው አስቆሙኝ። ስለዚህ እርስዎም መጀመሪያ ፈቃድ መውሰድ ያለብዎት ይመስለኛል።

አንድ አንትሮፖሎጂስት

እኅቴ፣ ያነሱት አዋጅ ከጄኔቲክ ሀብት ጋር የተያያዘውን የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚመለከት ነው፤ የአመጽ ትዝታ በእሱ ሥር አይወድቅም። ለእርስዎ የሥር መድኃኒት ግን በእርግጥ ያገለግላል። ለታሪክ ተማሪው የሚተርፈው ቁም ነገር፣ አንድ ሰው ቢናገረውም ነገሩ የሱ ብቻ ላይሆን ይችላል የሚለው ነው።

ስማቸው እንዳይጠራ ስለለመኑት አባት የምለው አለ። ስማቸውን ሰርዞ ቁጥር መስጠት ብቻ አይበቃም። በአንዲት ቀበሌ ውስጥ «የቀድሞ ጭቃ ሹም፣ 84 ዓመት፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ» ብለው ከጻፉ ጎረቤት ሁሉ ያውቃቸዋል። ዕድሜውን «ከ80 በላይ» ይበሉ፣ ቦታውን ከቀበሌ ወደ ወረዳ ያስፉት፣ ሹመቱም ለክርክርዎ አስፈላጊ ካልሆነ ይተዉት። ስምና ቁጥር የተያያዘበትን ወረቀት ከቅጂው ለይተው ያስቀምጡ። በሌላ በኩል ስማቸው እንዲጠራ የሚፈልጉ አረጋውያንም አሉ፤ እነሱን በቁጥር ብቻ መጻፍ ቃላቸውን ከባለቤቱ መንጠቅ ነውና ምርጫውን ለእያንዳንዳቸው ይተዉ።

ጠያቂው

ትናንት ማታ አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ አዳመጥኩ፤ መምህሩ እንዳሉት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ የተናገሩት የእኔን ጥያቄ ነበር፤ አንዱ «አዎ» ከማለታቸው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለዋል፣ እኔም ዝምታውን ሳልጽፈው አልፌአለሁ። አሁን ያልጠራልኝ ግጥሙ ነው። እናታችን ከእናታቸው ሰማሁ ይላሉ፤ በሌላ ቀበሌ ያነጋገርኳቸው አባት ግን ያንኑ ግጥም አንድ አዝማሪ ነው ያለው ብለዋል።

የታሪክ መምህሩ

ሁለቱንም ይጻፉ፤ «ገጣሚው» የሚለውን ቃል ለማንም አይስጡ። እናታችን «ያስተላለፉት» ይባሉ፣ የሌላው ቀበሌ አስተያየት በማስታወሻው ይግባ፣ በሁለቱ መካከል የሚለያዩ ቃላት ካሉም ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

አንትሮፖሎጂስቱ

በዚህ ላይ እለያለሁ። እናታችን እናታቸውን በስም ከጠሩ፣ የእናታቸው ስም «ከእሳቸው የተገኘ» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል እላለሁ፤ አለዚያ በጽሑፍ የሚቀረው የአዝማሪው ስም ብቻ ይሆናል። ግን እኚያ እናት በሕይወት የሉምና ስማቸው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ብለን የምንጠይቀው ማንን ነው? ልጃቸው ፈቃድ ሊሰጡ ይችላሉ ብዬ አስባለሁ፤ የእናታቸው ሌሎች ልጆች ካሉ ግን እነሱንም መጠየቅ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ጠያቂው

ወንድም አላቸው፤ የሚኖሩት ሞጣ ነው። ለፋሲካ ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ።