«እርማት ላይ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ዘፒያሳ፦ ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ የዋጋ ቻርት ይዘው በኤልዮት ሞገድ ቆጠራ ይሟገታሉ። አንዱ «እርማቱ አልቋል፣ ሲ ላይ ነን» ይላል፤ ሌላው «የምን እርማት! ሦስተኛው ሞገድ ነው» ይላል። ዋጋው ከ200 ወደ 180 ወርዶ፣ 192 ደርሶ፣ አሁን 165 ላይ ነው። እርማት እዚህ ጋ ምንድን ነው? ማንኛቸውስ ናቸው ልክ?

ወልደ ግስ፦ እርማት ከእርም ነው። ሰው እርሙን አውጥቶ ይወጣለታል፤ ገበያውም እንደዚያው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ወልደ ግስ፣ ግሱ ስምህ ላይ ብቻ ነው እንዴ? እርም «ሐረመ» ነው፣ በሐመሩ ሐ። እርማት ግን ከአረመ፤ ማሳም ደብተርም ይታረማል።

ሜክሲኮ፦ ግሱ ይቆየንና፣ እርማት ማለት ዋጋው ከዋናው አቅጣጫው ለጊዜው ሲመለስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤ-ቢ-ሲ በሚባሉ ሦስት እግሮች ይቆጠራል፣ ዋናው ጉዞ ግን በአምስት ሞገድ። ሁለቱም እስካሁን አልተሸነፉም። እስከ 165 ያለው ሦስት እግር ብቻ ነው፤ ኤ-ቢ-ሲም ይሆናል፣ ከአምስቱ ሞገድ አንድ-ሁለት-ሦስትም ይሆናል። የሚለያቸው ቀጥሎ የሚመጣው ሽቅብ ነው። አራተኛው ሞገድ አንደኛው የሄደበት ክልል ውስጥ አይገባም። አንደኛው 180 ላይ ስላለቀ፣ ዋጋው ተነስቶ 180ን ካለፈ የ«ሦስተኛው» ባይ ቆጠራ ይሰረዛል። 176 አካባቢ ቆሞ 165ን ከሰበረ ግን የእሱ ይጠናከራል።

ወልደ ግስ፦ ሞገዶቹ ሽብልቅ ቅርጽ ከሠሩ እኮ አራተኛው መግባት ይፈቀድለታል!

ሜክሲኮ፦ ይፈቀዳል። ግን በሚጠብብ ሽብልቅ ሦስተኛው ከአንደኛው ያጥራል፤ እዚህ አንደኛው 20፣ ሦስተኛው ገና ከአሁኑ 27 ነው። ይልቅ ከ200 ወደ 180 ያለውን እግር በአነስተኛ ሰዓት ቻርት ይክፈቱት። ውስጡ ሦስት ከሆነ፣ ሽብልቅ ካልሆነ በቀር፣ አንደኛ ሞገድ ሊሆን አይችልም። አምስት ከሆነ ግን ምንም አይፈርድም፤ ዚግዛግ የሚባለው እርማት «ኤ» እግርም ውስጡ አምስት ነውና።

ሰብለ፦ ታዲያ ለምን ሁለቱ ይህን አይተው አይስማሙም?

ሜክሲኮ፦ አንዱ ከሻማው ጭራ፣ ማለትም ዋጋው ከነካው ጫፍ ይቆጥራል፣ ሌላው ከመዝጊያ ዋጋ። ጭራው 180 ነክቶ ሻማው 183 ላይ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ዋጋው 181 ሲደርስ ለአንዱ ሕጉ ተጥሷል፣ ለሌላው አልተጣሰም። ያው ቻርት፣ ሁለት ድንበር። በየትኛው እንደሚቆጥሩ ቀድመው ካልተነጋገሩ እስከ ማታ ይሟገታሉ።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ እኔ የምለው፣ እርማት ካላችሁ የተሳሳተው ማነው? ዋጋው ነው ወይስ ገዢው? «ማረፊያ» ይሻላል።

ወልደ ግስ፦ አረፈ ካሉማ መሪጌታ፣ እርም ያልኩት እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው።

ቦሌ፦ እኔ የባንክ የዶላር ተመን ላይ ቆጥሬ አምስት አገኘሁ። ምን ልግዛ?

ሜክሲኮ፦ የባንክ ተመን ባንኩ የሚለጥፈው ቁጥር ነው፤ የቀኑን ጫፍና ወለል አያሳይም። ጫፍና ወለል ከሌለው የአራተኛውን ድንበር በምን ሊያዩት ነው?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ «ሞገድ» ይባል «ማዕበል» ግን ገና አልተነጋገርንም።