በስዊዘርላንድ የተከበበችው የጀርመን መንደር ቡዚንገን፦ የሚያስተዳድራት ማን ነው?

ሰናይት፦ ለጂኦግራፊ ክፍል ስለ ቡዚንገን ጽሑፍ ላቀርብ ነው። መንደሯ የጀርመን ናት፣ ዙሪያዋ ግን በሙሉ ስዊዘርላንድ ነው። እንዴት ተነጥላ ቀረች? እዚያ የሚኖር ሰውስ ለየትኛው አገር ሕግ ነው የሚገዛው? ከነገ ወዲያ አስረክባለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ዳዊት፦ ድንበር ሲሰመር በስህተት የቀረች ናት። ጉምሩኳ የስዊዝ ነው፣ ሰዎቿም የስዊዝ ዜጎች ናቸው።

ጋሽ መኮንን፦ ዳዊት፣ ጉምሩኩ ላይ ልክ ነህ። የቀረው ግን አይደለም፣ ነዋሪዎቹ ስዊዝ ውስጥ ስለተከበቡ ብቻ ዜግነት አያገኙም። መንደሯም የቀረችው በስህተት ሳይሆን በቂም ነው። ድሮ በኦስትሪያ ሥር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1693 የመንደሯ ጌታ ኤበርሃርድ ኢም ቱርን በሃይማኖት ጠብ ታፍኖ ወደ ስዊዟ ሻፍሃውዘን ከተማ ተወሰደ። ሞት ተፈርዶበት ወደ እድሜ ልክ ተለወጠለት፣ ከስድስት ዓመት በኋላም ተፈታ። ኦስትሪያ ግን አልረሳችውም። በ1770 ጎረቤቶቹን ራምሰንንና ዶርፍሊንገንን ለዙሪክ ስትሸጥ ቡዚንገንን አስቀረች። በኋላ በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን ወደ ጀርመን መንግሥታት እጅ ገባች። በ1918 ድምፅ ሲሰጥ 96 በመቶው ወደ ስዊዘርላንድ እንቀላቀል ብሎ ነበር፣ ግን ስዊዘርላንድ በምትኩ የምትሰጠው የሚስማማ መሬት ስላልነበራት ነገሩ ቀረ።

ማህሌት፦ ሌሶቶም በደቡብ አፍሪካ ተከብባለች እኮ፣ እሷስ እንዴት ነው የምትተዳደረው?

ጋሽ መኮንን፦ ማህሌት ልጄ፣ ሌሶቶ ራሷን የቻለች አገር ናት። የሰናይት ጥያቄ ባለቤቷ ሌላ ቦታ ስላለ መንደር ነው።

ቢኒያም፦ እኔ ራይንን ተከትዬ በብስክሌት አልፌባታለሁ። ስገባ ያስቆመኝ የለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የስልክ ዳስ አየሁ፣ አንዱ የጀርመን ሌላው የስዊዝ። ሻይ ቤት ውስጥ ሂሳቡ የመጣው በፍራንክ ነው።

ጋሽ መኮንን፦ ያየኸው እውነት ነው። ሰናይት፣ ዋናው ሰነድ በ1964 ተፈርሞ በ1967 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ነው። በእሱ መሠረት መንደሯ በስዊዝ የጉምሩክ ክልል ውስጥ ናት፣ ስለዚህ የጀርመን ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚያ አይሠራም። ፖሊስ ከሁለቱም አገር ሊገባ ይችላል፣ ቁጥሩ ግን በስምምነቱ ተገድቧል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ የገቢ ግብሩና ምርጫው የጀርመን ናቸው። የፖስታ ቁጥሯም ሁለት ነው፣ የጀርመኑ 78266፣ የስዊዙ 8238።

ሰናይት፦ ታዲያ ሻፍሃውዘን የሚሠራ ነዋሪ ምን ይገጥመዋል?

ጋሽ መኮንን፦ ቅሬታው እዚያ ነው። ደሞዙ በፍራንክ ነው፣ የሚሸምተውም በስዊዝ ዋጋ። ግብሩ ግን ወደ ዩሮ ተቀይሮ በጀርመን ሕግ ይሰላል። ፍራንክ ሲጠነክር፣ እንደ ጥር 2015ቱ ማለት ነው፣ ኑሮው ሳይሻሻል በወረቀት ላይ ገቢው ያድግና ግብሩም አብሮ ይጨምራል። ለኑሮ ውድነቱ የተለየ ቅናሽ ተሰጥቷቸዋል።

ዳዊት፦ እንዲህ ከሆነ ዛሬም ወደ ስዊዝ ቢቀላቀሉ አይሻላቸውም?

ቢኒያም፦ ለሠራተኛው አዎ። ለሁሉም ግን አይመስለኝም።