ከሌሊቱ 7 ሰዓት «ሰላም» ብቻ ብላ ጻፈችልኝ፣ ምን ልመልስ?

ቤዛ
የነቃ ሰው ካለ ቶሎ መልሱልኝ። የአክስቴ ልጅ አሁን ዋትስአፕ ላይ «ሰላም» ብላ ላከችልኝ። ሌላ ምንም የለም። ከተነጋገርን ቆይተናል፣ በዚህ ሰዓት ጽፋልኝም አታውቅም። ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልካ ሳላነበው አጥፍታዋለች። አሁንም ኦንላይን ናት። መጻፍ ትጀምርና ትተወዋለች። «ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሰዓት?» ልበላት ወይስ እስኪነጋ ልቆይ?

አቢ ፒያሳ
ሰላም ካለች ሰላም ናት ማለት ነው 😂 በሌሊት ሰላም ያለ ዘመድ ጠዋት ብር ይጠይቃል። ተኚ ባክሽ።

ዳዊት
ደውይላት።

ስልክ ጠጋኙ
እኔ ግን አካውንቷ ተጠልፎ እንዳይሆን እፈራለሁ። ሌቦቹ «ሰላም» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ቀጥሎ «የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ» ይላሉ። መጀመሪያ እሷ ብቻ የምታውቀውን ነገር ጠይቂያት።

ጋሽ መምህር
ልጆቼ፣ ችግሩ ስልኩ ነው። በእኛ ጊዜ ሰው የከፋው እንደሆነ ጎረቤት ሄዶ ቡና ይጠጣል፣ ይመከራል፣ ይጸልያል። ዛሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ መስታወት ላይ አፍጥጦ ያድራል። እንቅልፏን እንድትተኛ ምከሪያት። ነገ በቀን አናግሪያት።

ሲስተር ሐ.
ቤዛ፣ እስኪነጋ አትቆዪ። አእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሰዓት?» ካልሻት እንደ ወቀሳ ነው የሚሰማት። «አይ ምንም፣ እንዲሁ ነው» ትልሽና ትዘጋዋለች። «ደህና ነሽ?» ብቻውንም አያዋጣም፣ ለእሱማ ሁላችንም አፋችን ላይ የተዘጋጀ መልስ አለን፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባልና ያልቃል።

ብቻውን ሆኖ የመሸበት ሰው የሆዱን ቀድሞ አይጽፍም። መጀመሪያ ሰው አለ ወይ የሚለውን ነው የሚያየው። «ሰላም» ብሎ መልስ ቢያጣ «ተኝታ ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። «ከፍቶኛል» ብሎ መልስ ቢያጣ ግን ያማል፣ ያፍራል። ያጠፋችው መልእክት እንዲህ ያለ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ምን ነበር ብለሽ አትጠይቂያት።

አሁን እንዲህ በያት፦ «ሰላም የኔ ቆንጆ፣ አልተኛሁም። ግማሽ ሰዓት አብሬሽ ነኝ። ዛሬ ቀኑ እንዴት አለፈ?» አልተኛሁም ስትያት እንዳልቀሰቀሰችሽ ታውቃለች። ጊዜውን ስትነግሪያት ነገሯን በአንድ መስመር ለመጨረስ አትጣደፍም። ስለ ቀኑ ስትጠይቂያት ደግሞ ከትንሽ ነገር መጀመር ትችላለች።

ስልክ ጠጋኙ ግማሽ ልክ ነው። ኮድ ወይም ብር ከተጠየቅሽ ያኔ ተጠንቀቂ። ለሰላምታዋ ግን ፈተና አታቅርቢላት።

ቤዛ
ልኬላታለሁ፣ አይታዋለች። ሳልናገር ረሳሁት፣ ጅዳ ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው።

ዳዊት
ደውይላት እያልኩ ነው እኮ!

ሩት ከኩዌት
አትደውዪ! በፈጠረሽ! እኔም ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስልኩ ሲጮህ ከተሰማ ሊነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ከሆነች በአንድ ጥሪ ምክንያት ወር ሙሉ ልትጠፋብሽ ትችላለች። ድምፅ ቀድተሽ ላኪላት፣ አጭር ይሁን፣ ስትችል በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች።

ሰዓቱም ብቻውን አያስደንግጥሽ። እኛ ማዳም ካልተኛች፣ ዕቃው ታጥቦ ካላለቀ ስልክ አንይዝም። ለእናንተ ሌሊት ነው፣ ለእኛ የራሳችን የምንለው ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አገር ቤት ያለው ሁሉ ተኝቷል። የነቃ ሰው ስምሽ ላይ አረንጓዴ ነገር ሲያይ የሚጽፍልሽ «የወሩን መቼ ትልኪያለሽ?» ነው። እባክሽ ዛሬ ስለ ገንዘብም ስለ ቤት ክዳኑም አታንሺባት። ማን አገባ፣ ድመቷ ወለደች ወይ፣ የሰፈሩ መንገድ ተሠራ ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ንገሪያት።

የሚኒሶታ ሹፌር
የእኔ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን እዚህ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ተሳፋሪ ስጠብቅ ለወንድሜ ሰላም እልካለሁ። ጠዋት ተነስቶ አውራ ጣት ይልክልኛል 👍 በቃ። ከዚያ እኔም እተወዋለሁ።

አቢ ፒያሳ
ብሮ ቢያንስ አውራ ጣት ደርሶሃል፣ እኔን ወንድሜ አይቶ ነው የሚያልፈኝ።

ቤዛ
መለሰች። «እንዲሁ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ» አለች። ስለ ድመቷ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ቆየችና «እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ ሌላ ስም ነው ያወጡልኝ» አለች። አሁን ደግሞ «ደክሞኛል፣ ሁሉም ነገር በቃኝ» ብላ ጻፈች። ምን ልበል?

ጋሽ መምህር
አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ከአንቺ የባሰም አለ በያት።

ሲስተር ሐ.
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህኛው አሁን አይሆንም። ከአንቺ የባሰ አለ የተባለ ሰው ዝም ይላል እንጂ አይቀለውም።

ቤዛ፣ በስሟ ጥሪያት፣ ከዚያ በግልጽ ጠይቂያት፦ «በቃኝ ስትዪ ሥራው ነው ወይስ መኖሩ? ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ ይህን አትፍሪ። አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ነው የሚተነፍሰው። ሥራው ነው ካለችሽ ስሚያት፣ መፍትሔ ለመስጠት አትሩጪ። መኖሩ ነው ካለችሽ ግን ከመስመሩ አትውጪ። ብቻዋን መሆኗን፣ ለመጉዳት ያሰበችበት ነገር አጠገቧ መኖሩን ጠይቂ። በአካል ሊደርስላት የሚችል ሰው ፈልጉ፣ ጅዳ ያለች ጓደኛም ትሁን። አጣዳፊ ከሆነ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። ይህ ከአገር ቤት ላይሠራ ስለሚችል እዚያው ያለ ሰው ነው መደወል ያለበት።

ሩት ከኩዌት
አሠሪዎቹን ማስነሳቱ ሊያከፋው ይችላል እኮ። ፖሊስ ጠርተው ከቤት ያስወጧታል።

ሲስተር ሐ.
ሩት፣ እውነትሽን ነው፣ እኔም ለዚህ ንጹሕ መልስ የለኝም። ሕይወቷ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ ግን በቤቱ ያለ ማንም ይነሳ ነው የምለው። ካልሆነ ሌሊቱን አብሮ ማለፍ፣ ጠዋት ጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ማነጋገር።

ስልክ ጠጋኙ
በሁለት መስመር ጽሑፍ ግን ሰው ይድናል እንዴ?

ሲስተር ሐ.
ብቻውን ያድናል አላልኩም። ግን በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ጄሮም ሞቶ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። ራሳቸውን ሊያጠፉ በሚችሉበት ሁኔታ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትሉን እምቢ ካሉት ለግማሾቹ አጭር ደብዳቤ ይልክላቸው ነበር። ከእኛ ከሄዱ ቆየት አሉ፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ እናደርጋለን፣ መጻፍ ከፈለጉ ደስ ይለናል፣ በቃ ይኸው ነው። ምንም አይጠይቃቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ ቤዛ፣ የዛሬው ሌሊት ካለፈ ነገም ጻፊላት፣ ከሳምንት በኋላም። እሷ እስክትጀምር አትጠብቂ። ሁሌ ሌሊት መንቃት ካልቻልሽም «ዓርብ ማታ በ5 ሰዓት እኖራለሁ» በያትና በሰዓቱ ተገኚ።

ዳዊት
ቤዛ ምን አለች?

አቢ ፒያሳ
እያወሩ ይሆናል፣ ተዋት። ያቺን የብር ቀልዴን ግን አጠፋታለሁ።

የሚኒሶታ ሹፌር
ሲስተር፣ ወንድ ለወንድምስ ምን ይጻፋል? «ከፍቶኛል» ብለው ይስቅብኛል።

ሩት ከኩዌት
ሰላም ብለህ አታቁም። «መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፣ ሰው ማውራት አማረኝ፣ ስትነሳ ድምፅ ላክልኝ» በለው። ለእሱ አውራ ጣት መላክ ይከብዳል።