ሌሊቱን ሲንሸራተት ያደረው ፒክ

ጅማ ነኝ፤ ሌሊቱን ጋማ ስፔክትሮስኮፒ ላብራቶሪ ውስጥ ሳድር የመጀመሪያዬ ነው። ከቡና ማሳ የመጣ አፈር እርሳስ በተሸፈነው ሳጥን ውስጥ፣ ሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ላይ አስቀምጬ እያስቆጠርኩ ነው። የምፈልገው የፖታሲየም-40ን ፒክ ነው፣ 1460 keV ላይ። የአፈሩ ጨረር ደካማ ስለሆነ ቆጠራው ቀስ ይላል። ስለዚህ እስከ ንጋት መጠበቅ ግድ ነው፤ ስፔክትረሙንም በየሰዓቱ ለየብቻ ሴቭ አደርጋለሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፒኩ ቻናል 730 ላይ ነበር። አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል፣ ፒኩ 715 ላይ ነው። ሁሉንም ፋይሎች ስደምራቸው ሰፍቶና ጎብጦ ይታያል። ከ712 እስከ 748 የያዝኩት መስኮትም ግማሽ ያህሉን ይስታል።

ቆጠራውን አቁሜ የሲዚየም-137 ምንጭ አስገባሁ። የ662 keV ፒክ ምሽት 331 ላይ ነበር፤ አሁን 324 ሆኗል። ሁለቱም ፒኮች በ2 በመቶ ገደማ ወርደዋል። እኩል ቻናል ቢወርዱ ኖሮ ዜሮው ተዛንፏል እል ነበር። በተመሳሳይ መቶኛ ከወረዱ ግን የተለወጠው ጌይኑ ነው። የክፍሉ ሙቀት መለዋወጥ ወይም የከፍተኛ ቮልቴጁ መዋዠቅ ይመስለኛል። የፎቶመልቲፕላየር ጌይን ለቮልቴጅ በጣም ስስ ነው፤ ከ1 በመቶ ያነሰ ለውጥ እንኳ ይበቃዋል።

ይህን ሥራ የምታውቁ ንገሩኝ፦ የየሰዓቱን ስፔክትረም በራሱ የፖታሲየም ፒክ ወደ 730 መልሼ ብደምር የፒኩ ስፋትና ቆጠራ ይታመናል፣ ወይስ ጌይኑ እስኪረጋ ጠብቄ እንደ አዲስ ልጀምር?