የቧንቧ ቦያችንን በሌሊት ደፈኑት፤ የባለድርሻ ሰንጠረዡ የት ላይ ተሳሳተ?

የወረዳው ልጅ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ምንጭ አጎልብተን ለቀበሌው ቦኖ ልናስገባ ነበር። ትናንት ሌሊት በምንጩ የሚያጠጡ ገበሬዎች ከቆፈርነው ቦይ 60 ሜትር ያህሉን ደፍነውታል። ሰኞ የተስተካከለ የባለድርሻ ሰንጠረዥና የማሳተፊያ ዕቅድ አምጣ ተብያለሁ። ሰንጠረዡ ሰዎችን በሥልጣናቸውና በፍላጎታቸው አራት ሳጥን ውስጥ የሚመድብ ነው፤ ሁለቱም ያለው ላይኛው ቀኝ ይገባል። የቀበሌ አስተዳዳሪውን፣ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቱንና ጤና ኤክስቴንሽኗን ላይኛው ቀኝ ሳጥን አስገብቻለሁ። በምንጩ አትክልት የሚያጠጡትን ገበሬዎችና የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት ደግሞ ሥልጣንም ፍላጎትም ስለሌላቸው ታች ግራ፣ «ክትትል ብቻ» የሚለው ውስጥ። አሁን የት ላዛውራቸው?

አዋጅ
ወንድሜ፣ ሕጉን ያዝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት መሆኑን፣ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይናገራል። ከወረዳ ደብዳቤ አጽፍ፤ የደፈኑት ይጠየቁ።

ካርድ ክፍል
እኔም ደርሶብኛል። ሆስፒታል ውስጥ የካርድ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ስናዛውር ሐኪሞቹን ስናግባባ ከረምን። ሥራውን ያስቆሙት ግን የካርድ ክፍሏ እናት ናቸው፤ የድሮውን መዝገብ ቁልፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ዘንባባ
ለምን «ፍላጎት የላቸውም» ትላለህ? ያ ውሃ እኮ ማሳቸውን ሲያጠጣ የኖረ ነው። መጀመሪያ የተነካው የእነሱ ነገር ነው።

የምንጭ ሰው
ዘንባባ ልክ ነው። ስህተቱም እዚያው «ፍላጎት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ፕሮጀክቱን የሚፈልጉትን ከፍተኛ፣ የማይፈልጉትን ዝቅተኛ አልካቸው። ሰንጠረዡ የሚጠይቀው ግን ጉዳዩ ምን ያህል ይነካዋል ብሎ ነው። ሽንኩርቱ ሊደርቅበት የሚችል ገበሬ ከማንም በላይ ይነካዋል። እኔ አንዱን መስመር «የሚነካው መጠን»፣ ሌላውን «ሥራውን የማስኬድ ወይም የማስቆም አቅም» ብዬ ነው የምጽፈው። 60 ሜትር በአንድ ሌሊት የደፈኑ ሰዎች አቅም የላቸውም ማለት አትችልም። ቦታቸው ላይኛው ቀኝ ነው።

ግን በአንድ ስም አትጠቅልላቸው። የውሃ አባቱን ለብቻ፣ ምንጩ አጠገብ ያሉትን ለብቻ፣ የመስኖ ቦያቸው መጨረሻ ያሉትን ለብቻ ጻፍ። ለመጨረሻዎቹ ዛሬም ውሃው በወጉ የማይደርሳቸው ከሆነ የሚቀርባቸው ትንሽ ነው፤ አቋማቸው ሊለይ ይችላል። ከየስሙ አጠገብ ሦስት ነገር ጨምር፦ ይደግፋል ወይስ ይቃወማል፣ ምን ይቀርበታል፣ የማንን ቃል ይሰማል። አስተዳዳሪውና የውሃ አባቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ቢሆኑም የምትነግራቸው ነገር አንድ አይደለም፤ ይህን ሳጥኑ ብቻውን አያሳይህም።

ደግሞ ስብሰባ አትጥራ። በሕዝብ ፊት እምቢ ያለ ሽማግሌ ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። ቤቱ ድረስ ሂድ፣ የመጀመሪያው ቀን ለመስማት ብቻ ይሁን። በሁለተኛው ግን ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ከንድፉ ሊቀየር የሚችል ነገር ያዝ። ምንጩን በበጋ ለክታችሁታል?

አዋጅ
እደግመዋለሁ፣ ያለ ወረዳ ደብዳቤ አይሆንም።

የወረዳው ልጅ (ጠያቂ)
ለክተናል፣ ሚያዝያ ላይ። 20 ሊትር ጀሪካን በ16 ሴኮንድ ይሞላል። ተጠቃሚው 1,500 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር። ማጠራቀሚያው 50 ሜትር ኩብ ይይዛል። የውሃ አባቱ የሚሰሙት የንስሐ አባታቸውን ነው ይባላል።

የምንጭ ሰው
እንዲያውም የምትሰጠው ነገር አለህ። በሴኮንድ 1.25 ሊትር፣ በቀን 108,000 ሊትር ማለት ነው። ለሕዝቡ የሚያስፈልገው 37,500 ነው፤ ያንን ለመሙላት 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃል። ማጠራቀሚያው ሌሊት ይሙላ፣ ቀን ውሃው ወደ ቦያቸው ይሂድ። ነገር ግን ቁጥሩን ከወረቀት ብታነብላቸው አያምኑህም። ጀሪካኑን የውሃ አባቱ ይያዙት፣ ሰዓቱን ከልጆቻቸው አንዱ ይቁጠር። የመዝጊያው ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥም አብራችሁ ወስኑ፤ በውሃ ኮሚቴው ውስጥ የአጠጪዎቹ ወኪል ከሌለ ስምምነቱ በሚቀጥለው በጋ ይፈርሳል። ደብዳቤውን አዋጅ እንዳለው አጽፍ፣ ግን ከንግግሩ በፊት ይዘኸው አትሂድ። ደብዳቤ ከቀደመ ንግግሩ ክስ ይመስላል።

ዘንባባ
አንድ ነገር። እኛ ሰፈር ሌሊት የሚያጠጣም አለ፤ ቀን ተራ የማይደርሰው ሰው ሌሊት ነው የሚወርደው። ሌሊቱን ለቦኖ ከወሰድክ የምትነጥቀው ከእነዚያ ነው። የውሃ አባቱ እሺ ቢሉህ እንኳ እነሱ እሺ አላሉም።

የምንጭ ሰው
ይሄ ከባድ ነው። እኔ በሠራሁበት ቦታ የሌሊት ተራ ስላልነበረ ሒሳቡ ቀለለልኝ። ሰኞ ከማቅረብህ በፊት ተራውን ከነስም ዝርዝሩ ከውሃ አባቱ ጠይቅ። የሌሊት ተረኞቹ በሰንጠረዥህ ውስጥ ጭራሽ አልተጻፉም።

የወረዳው ልጅ (ጠያቂ)
ነገ ጠዋት ከንስሐ አባታቸው ጋር እሄዳለሁ። የሌሊት ተረኞቹ ብዙ ከሆኑ ግን ውሃውን ከየትኛው ሰዓት ልውሰድ?