158 ፐርሰንት የተለያየ ጨው ይኖራል? የ CaCl2 ፍሪዚንግ ፖይንት ጥያቄ

ተፈታኟ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የያዘኝ ጥያቄ ይኸው፦ «11.1 ግራም CaCl2 በ500 ግራም ውሃ ቢሟሟ ሶሉሽኑ በ −0.96 ዲግሪ ሴልሺየስ በረዶ መሥራት ይጀምራል። የውሃ Kf 1.86 ነው። የቫንት ሆፍ ፋክተሩን እና ጨው ወደ አዮን የተለያየበትን ፐርሰንት ፈልጉ።» ፋክተሩን 2.58 አገኘሁ፣ ከመልሱም ጋር ይገጥማል። ፐርሰንቱ ግን 158 እየሆነብኝ ነው፤ መልሱ 79 ነው ይላል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ፍሬሽማን

እኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። CaCl2 አንድ ካልሲየምና ሁለት ክሎራይድ ስለሚሆን i ምንጊዜም 3 ነው። ሞላሊቲው 0.2 ነው፤ 3 በ1.86 በ0.2 ሲባዛ 1.116 ይመጣል። ስለዚህ −1.12 ላይ ነበር በረዶ መሥራት ያለበት። −0.96 የሚለውን ሲጽፉ ተሳስተው ይሆናል። ክላስ ላይ ሁሌም እንደዚህ ነው የምንሠራው።

ቲቸር ከደሴ

ተፈታኟ፣ የመጨረሻዋን መስመር እንዳለች ጻፊልኝ። 2.58 ካገኘሽ ሞላሊቲውን በትክክል ሠርተሻል ማለት ነው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው ያለው።

ተፈታኟ

እሺ ቲቸር፣ እንዲህ ነበር የሠራሁት፦

```
m = 0.1 mol / 0.5 kg = 0.2
i = 0.96 / (1.86 × 0.2) = 2.58
α = (i − 1)/(n − 1) = (2.58 − 1)/(2 − 1) = 1.58
```

n 2 ያልኩት CaCl2 ወደ Ca እና Cl2 ስለሚለያይ ነው።

ቲቸር ከደሴ

በቃ፣ እዚያች ላይ ነው። Cl2 ጋዝ ነው፤ ውሃ ውስጥ የጨመርሽው ጨው ክሎሪን ጋዝ አይሰጥሽም። የሚወጡት ሁለት ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ክሎራይድ አዮኖች ናቸው። ስለዚህ n 3 ነው፤ 1.58 ለ2 ሲካፈል 0.79 ይሆናል። ያንቺ 158 የ79 ልክ እጥፍ መሆኑን ልብ በይ፤ በ2 ፋንታ በ1 ስላካፈልሽ ነው።

ፎርሙላውን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ ግን ቆጥረሽ እዪው። መቶ CaCl2 ውሃ ውስጥ ጨመርሽ እንበል። 79ኙ ተለያዩ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቅንጣት ሰጠሽ፣ 237 ሆነ። ያልተለያዩት 21 እንዳሉ ቀሩ። ድምሩ 258 ነው። በመቶ ጀምረሽ 258 አገኘሽ ማለት 2.58 ማለት ነው። ፎርሙላው የሚሠራው ይህንኑ ቆጠራ ነው። እንዲህ ቆጥረሽ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ውስጥ 158 ሊለያይ እንደማይችል ያኔውኑ ይገባሽ ነበር። አልፋ ከ1 ከበለጠብሽ ወይ n አሳንሰሻል፣ ወይ ሞሉን ወይም የውሃውን ክብደት አሳስተሻል።

በተቃራኒው ደግሞ K2SO4 ሲመጣ ሰባት ብለው የሚቆጥሩ ተማሪዎች አሉኝ። ሰልፌት አንድ ላይ እንደተያያዘ ነው የሚሄደው፤ ሁለት ፖታሲየምና አንድ ሰልፌት፣ ሦስት ብቻ።

ፍሬሽማን

የእኔስ 3 ታዲያ? CaCl2 ስትሮንግ ኤሌክትሮላይት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይለያያል ብለን አይደል የተማርነው?

ቲቸር ከደሴ

ወንድሜ፣ 3 ጣሪያው ነው። ሶሉሽኑ በጣም ሲቀጥን ወደዚያ ይጠጋል እንጂ 0.2 ላይ አይደርስም። −0.96 ደግሞ የጽሑፍ ስህተት አይደለም፤ በዚያ ሞላሊቲ ቢለካ የሚገኘው ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። የገበታ ጨውን ውሰድ፦ ጣሪያው 2 ነው፣ 0.1 ሞላል ላይ ሲለካ 1.87፣ 0.01 ላይ 1.94 ይሆናል። ማግኒዥየም ሰልፌትም ጣሪያው 2 ነው፤ 0.1 ላይ ሲለካ ግን 1.21 ብቻ ነው። በዚህኛው ሁለቱም አዮኖች ድርብ ቻርጅ አላቸው፣ ስለዚህ አጥብቀው ይሳሳባሉ። የተሳሳቡ አዮኖች እንደ ሁለት ነጻ ቅንጣት ሙሉ ሥራ አይሠሩም።

ያነሳኸው ነጥብ ግን ተገቢ ነው፤ መጽሐፎቻችንም ላይ ጎልቶ አይነገርም። «79 ፐርሰንት ተለያየ» የሚለው አነጋገር አሬኒየስ በ1880ዎቹ ካሰበበት መንገድ የመጣ ነው። ደባይና ሁከል በ1923 እንዳሳዩት ጨው በውሃ ውስጥ አዮን ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱን አዮን ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች እንደ ደመና ይከቡታል፤ የ i መቀነስ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ስበት ነው። ስለዚህ እነዚያ 21 «ያልተለያዩ» CaCl2 ቁጭ ብለው የሚገኙ ነገሮች አይደሉም፤ ስበቱ ምን ያህል እንደጎተተ የሚነግረን ቁጥር ነው። እንደ አሴቲክ አሲድ ባለው ደካማ ኤሌክትሮላይት ላይ ግን አልፋ እውነትም ያልተለያየ ሞለኪውል መኖሩን ያሳያል፤ 0.1 ላይ የሚለያየው አንድ ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው።

ፍሬሽማን

ገባኝ። ፈተና ላይ ምን ላድርግ ታዲያ? «0.1 ሞላል NaCl እና 0.1 ሞላል MgSO4፣ የቱ ዝቅ ባለ ሙቀት በረዶ ይሠራል?» የሚል ባለፈው መጥቶብን «እኩል ናቸው» የሚለው ነበር የታረመልን።

ቲቸር ከደሴ

የተለካ ሙቀት ወይም ፐርሰንት ከተሰጠህ ከእሱ ተነሥተህ i ፈልግ። ምንም ካልተሰጠህ ጣሪያውን ተጠቀም፤ ያንተ 3 የሚሠራው እዚያ ነው። የባለፈው ጥያቄ «ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ ብላችሁ አስቡ» የምትል መስመር ያስፈልገው ነበር። ብትለካው NaCl ነው ዝቅ የሚለው፣ በሰፊ ልዩነት።

የላብራቶሪው ሰው

ይቅርታ፣ የእኔ ትንሽ ለየት ይላል፤ ግን በዚሁ ጨው ስለተቸገርኩ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። 2.22 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ በ100 ግራም ውሃ አሟሙተን፣ በረዶና ጨው በቀላቀልንበት ባልዲ ውስጥ እያማሰልን አቀዘቀዝን። ሞላሊቲው እዚህ ካለው ጋር አንድ ነው፣ 0.2። አብዛኞቹ ቡድኖች −0.7 አነበቡ፤ i 1.88 መጣ፣ ፐርሰንቱ 44። አንዱ ቡድን ደግሞ −1.9 ብሎ 5.1 አመጣ። ቴርሞሜትራችን በየ0.1 ዲግሪ የተከፈለ ነው። 79 ቀርቶ ወደ እሱም አልተጠጋንም።

ቲቸር ከደሴ

5.1 ያመጡትን ልጆች መጀመሪያ ልመልስ። ከ3 በላይ መሆን ስለማይችል ያነበቡት ፍሪዚንግ ፖይንቱን አይደለም። ፈሳሹ በረዶ ሳይሠራ ከነጥቡ በታች ወርዶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ክሪስታል ስትታይ ሙቀቱ ወዲያው ይዘላል። መነበብ ያለበት ዘሎ የሚቆምበት ነው። ልጆቹ የጻፉት ሳይዘል በፊት የወረደበትን የመጨረሻውን ዝቅታ ነው።

ስለ 1.88ቱ ጠርሙሱን ያንብቡልኝ። ምን ተጽፎበታል? ብቻውን CaCl2 ነው ወይስ ከጎኑ ·2H2O አለበት?

የላብራቶሪው ሰው

አሁን ሄጄ አየሁት። CaCl2·2H2O፣ 147.01 ይላል። እኛ በ111 ነው ያካፈልነው።

ቲቸር ከደሴ

እንግዲያው ልጆችዎ በትክክል ነው የለኩት። 2.22 ለ147 ሲካፈል 0.0151 ሞል ነው እንጂ 0.02 አይደለም። ጨው ይዞት የመጣው ውሃም ግማሽ ግራም ገደማ ስለሆነ ወደ 100ው ይደመራል፤ ለውጡ ግን ትንሽ ነው። ሞላሊቲው 0.15 ይሆናል፦

```
i = 0.7 / (1.86 × 0.15) = 2.51
α = (2.51 − 1)/(3 − 1) = 0.75
```

ቴርሞሜትሩን በግማሽ መስመር፣ ማለትም በ0.05 ቢያሳስቱት i ከ2.3 እስከ 2.7 ይዋልላል። ስለዚህ 75ና 79 በዚህ መሣሪያ አይለዩም፤ ልጆቹን «ተሳስታችኋል» እንዳይሏቸው።

ከአዲስ አበባ

በቦይሊንግ ፖይንትስ ያው i ነው? 5.85 ግራም NaCl በ250 ግራም ውሃ የሚል ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ 100.4 ይላል። እኛ ቤት ግን ውሃው 100 ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ጨው ተጨምሮበትም ቢሆን። ፎርሙላው አዲስ አበባ ላይ አይሠራም ማለት ነው?

ፍሬሽማን

ይቺን እኔ ልሞክራት። ሞላሊቲው 0.4 ነው፤ i 2 ብለን፣ Kb 0.512፣ ሲባዛ 0.41 ይመጣል። ፎርሙላው የሚሰጥሽ ምን ያህል እንደጨመረ ነው እንጂ የት እንደሚፈላ አይደለም። መጽሐፉ 100 ላይ የደመረው በባሕር ጠለል ስለሚያስብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ 92 አካባቢ ስለሚፈላ ጨው ያለበት 92.4 ገደማ ይሆናል።

ቲቸር ከደሴ

ልክ ብለሃል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ Kb ራሱ ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት ጋር ስለሚለወጥ 92 ላይ 0.49 አካባቢ ነው፣ ልዩነቱ በቤት ቴርሞሜትር አይታይም።

ተፈታኟ

ቲቸር፣ ሌላ ይህን ሠርቼ ነበር፣ እዩልኝ። 0.1 ሞላል K2SO4 በ −0.432 በረዶ ይሠራል ይላል። i 0.432 ለ0.186፣ 2.32። n 3። 1.32 ለ2፣ 66 ፐርሰንት። በመቶም ቆጠርኩት፦ 66 ሲባዛ በ3 198፣ ሲደመር 34፣ 232።

ቲቸር ከደሴ

አንድም ስህተት የለበትም።

የላብራቶሪው ሰው

ለእኔ አንድ ነገር ቀረኝ። ጠርሙሱ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጨው ከታች ተጣብቆ ረጥቧል። 147 ብዬ ባካፍልም ስንት ውሃ ከአየር እንደሳበ አላውቅም። ማድረቂያ ኦቨን የለንም።

ቲቸር ከደሴ

እንደዚያ ከሆነ 2.51ም አስተማማኝ አይደለም። ከአየር ውሃ ከሳበ በ2.22 ግራም ውስጥ ያለው ጨው ካሰብነው ያነሰ ነው፤ እውነተኛው i ከዚህ ከፍ ይላል፣ በምን ያህል እንደሆነ ግን ከዚህ ልኬት ማውጣት አይቻልም። ለሚቀጥለው ክፍል በገበታ ጨው ብትሠሩት ይሻላል፤ እሱ በክሪስታሉ ውስጥ ውሃ አይዝም። አዮዲን ያልተጨመረበት ፈልጉ ባልልም፣ የሚጨመረው በጣም ጥቂት ስለሆነ ልኬታችሁን አይነካውም።